ቱሉ ዲምቱ ላይ ለምግብ ቤት ሁለት ቦታ ያወዳደርንበት የጉዳይ ጥናት፦ እግረኛ ቆጠራና ኪራይ

መነሻው

ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ትንንሽ ምግብ ቤቶች አብረው ተነስተዋል። ይሄ ጉዳይ የአንዷ ነው። ባለቤቷ እዛ ለዓመታት ምሳ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፣ ደንበኞቿ በአብዛኛው የአካባቢው ቢሮ ሠራተኞች ነበሩ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወንበር አይገኝም ነበር። በ2017 መጀመሪያ ቤቷ ሲነሳ የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ እዛው ሰፈሯ ለመክፈት ወሰነች፣ ታናሽ ወንድሟም አብሯት ሊሠራ ተስማማ። እጇ ላይ 900 ሺህ ብር ገደማ ነበር፣ ፍሪጅና ድስት ምናምን ደግሞ ከድሮው ቤት ይዛ ወጥታለች።

እኔ የሂሳብ ሥራ ነው የምሠራው፣ የትንንሽ ምግብ ቤቶችና ካፌዎች መዝገብ እይዛለሁ፣ የሷንም ካዛንቺስ እያለች ጀምሮ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጉዳዩን የምጽፈው እሷ ስለፈቀደችልኝ ነው፣ ቁጥሮቹን አጠጋግቼያቸዋለሁ፣ ቤቱን የሚያስለይ ነገርም አላስቀመጥኩም። መጻፍ የፈለግኩበት ምክንያት ቱሉ ዲምቱም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳም ሆነ የካ አባዶ ቦታ የሚመረጠው በአይን ብቻ መሆኑ ነው። "ሰው ይበዛል" ተብሎ የስድስት ወር ኪራይ ይከፈላል፣ ዓመት ሳይሞላው በሩ ላይ "የሚከራይ" ይለጠፋል። ሰው መብዛቱ እውነት ነው፣ ግን ያ ሰው በስንት ሰዓት፣ ወዴት እየሄደ፣ ምን ይዞ እንደሆነ ማንም አያይም።

ሁለቱ ቦታዎች

ደላላው መጀመሪያ ያሳያት ቦታ (አንደኛው ቦታ እለዋለሁ) ዋናው አስፋልት ላይ ነው፣ ታክሲና አውቶቡስ የሚሞላበት ጋ። 48 ካሬ፣ በወር 65 ሺህ ብር፣ ስድስት ወር ቅድሚያ። ጠዋት ላይ ነው የወሰዳት፣ ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሶ ነበር። "እህቴ ይሄ ቦታ እኮ ነገ አይገኝም፣ ይሄን ሁሉ ሕዝብ እያየሽ ምን ታስቢያለሽ" አላት። እውነትም ካዛንቺስ እንኳን በአንድ ጠዋት ያን ያህል ሰው በበሯ አያልፍም ነበር። ቀብድ ልትሰጥ ስትል ነው የደወለችልኝ።

ሁለተኛውን ያገኘችው ራሷ ናት። ወደ ውስጥ ገባ ያለ መንገድ ላይ የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት፣ 62 ካሬ፣ 32 ሺህ ብር፣ ሦስት ወር ቅድሚያ። አጠገቡ ጤና ጣቢያ አለ፣ ትንሽ አለፍ ሲል የወረዳ ጽህፈት ቤት፣ ከጀርባው ትምህርት ቤት፣ ከታች ደግሞ ጋራዦችና የብረት ብየዳ ቤቶች። ደላላው ይሄን ቦታ ስትነግረው "እዛ ማን ያይሻል" ነበር ያለው፣ ጠዋት ላይ ብታዩት መንገዱ ጭር ያለ ነው።

ቆጠራው

ወንድሟ ነው የቆጠረው። ስልክ ላይ መቁጠሪያ አፕ አለ፣ ግን ሰው ሲበዛ ስክሪኑ ላይ አይንህ ስለሚቀር አልተመቸውም፣ ስለዚህ ሽምብራ ተጠቀመ፣ አስር ሰው ባለፈ ቁጥር አንድ ፍሬ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግራ ኪሱን ይቆጥርና በአስር አባዝቶ ደብተር ላይ ይጽፋል፣ በአራት ሲባዛ የሰዓቱ ይሆናል። የሚቆምበት ከበሩ ፊት ለፊት ነው፣ በሩን የሚያልፍ ሰው ብቻ ነው የሚቆጠረው። አንደኛው ቦታ ላይ ይሄ ወሳኝ ነበር፣ ከአስፋልቱ ማዶ የሚሄደው ሰው ከባድ መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ ለሽሮ ብሎ አይሻገርም። የትምህርት ቤት ልጆችንም አልቆጠረም።

የቆጠረበት ጊዜ ጠዋት ከ12፡30 እስከ 2፡30፣ ምሳ ከ6 እስከ 8፣ ማታ ከ11 እስከ 2 ሰዓት ነው። ቀኖቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ። ማክሰኞ ተራ የፍስክ ቀን ነው። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሳህኑ ይቀየራል፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ቅዳሜ ደግሞ ቢሮ ዝግ ነው፣ ሰፈሩ ግን ቤቱ ነው። ሁለቱም ቦታ ላይ በየቀኖቹ ተደጋግሞ ተቆጥሮ አማካይ ተወሰደ።

አንደኛው ቦታ ጠዋት በሰዓት 1,900 ሰው ያልፍበታል፣ ማታ 1,700፣ ምሳ ላይ ግን 260 ብቻ። እሷ ይሄን ስታይ ደነገጠች፣ ሁለት ጊዜ አስቆጠረችው። ነገሩ ግን ግልጽ ነው፣ ሰፈሩ የሚታደርበት ሰፈር ነው፣ ሠራተኛው ጠዋት ወደ መሀል ከተማ ይወጣል፣ ምሳውን የሚበላው ቦሌ ወይ ሜክሲኮ ወይ መገናኛ ነው፣ ማታ ተመልሶ ይገባል። ምሳ ሰዓት ላይ እዚህ የለም። ሁለተኛው ቦታ ጠዋት 420፣ ምሳ 310፣ ማታ 450 ነው። በአጠቃላይ ስታዩት ሁለተኛው ከአንደኛው ጋር አይወዳደርም፣ ምሳን ብቻ ካያችሁ ግን ይበልጠዋል።

ከዛ ቀጥሎ የመጣው ሥራ ከቁጥሩ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፣ አጠገብ ያለ ምግብ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚገባ መቁጠር። ካለፈው መቶ ሰው ስንቱ ገባ የሚለው ነው ገንዘብ የሚሆነው። አንደኛው ቦታ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ምሳ ላይ ካለፉት 260 ገደማ ሰዎች 8 ገቡ፣ ወደ ሦስት በመቶ ነው። ማታ ከ1,700 የገቡት 14 ናቸው፣ አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም። ጠዋትማ ግማሽ በመቶ ነው፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ተራውን ትቶ ፉል ሊበላ አይገባም። ሁለተኛው ቦታ አጠገብ ያለችው ትንሽ ምግብ ቤት ግን ምሳ ላይ ከ310 ውስጥ 25 ሰው አስገባች፣ ስምንት በመቶ ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ወረፋ የሚጠብቅ፣ ወረዳ ላይ "ከሰዓት ተመለስ" የተባለ፣ መምህር፣ መካኒክ፣ እነዚህ ሁሉ ምሳቸውን እዚሁ ይበላሉ፣ ሌላ አማራጭ የላቸውም።

ማታ ላይ ወንድሟን የእግረኛውን እጅ እንዲያይ ነገርኩት። ከታክሲ ወርዶ ወደ ብሎኩ የሚሄደው ሰው ከሦስቱ አንዱ ፌስታል ይዟል፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዳቦ፣ እንጀራ። ቤቱ ሊሠራና ከልጆቹ ጋር ሊበላ የሚሄድ ሰው ነው። ይሄ ሰው ሸማች ነው፣ ተመጋቢ ግን አይደለም። በኋላ አንደኛውን ቦታ የተከራየው ሰው ዳቦ ቤት ከፈተበትና እስካሁን አለ፣ ማታ ማታ ወረፋ አለው። ቦታው መጥፎ አይደለም ማለት ነው፣ ለሷ ሥራ ነው የማይሆነው።

ከሰው ቁጥር ወደ ብር

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። በሰዓት የሚያልፈው ሰው በቆጠራው ሰዓታት ብዛትና በሚገባው መቶኛ ይባዛል፣ ከዛ አንድ ሰው በአማካይ በሚከፍለው ብር። አማካዩን ከቫት በፊት ወሰድነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ 230 ብር ስትቀበሉ 30ው የመንግሥት ነው፣ የናንተ 200 ነው፣ ኪራይ የሚለካው ከ200ው ጋር ነው። ለቁርስ 90 ብር፣ ለምሳ 190፣ ለማታ 120 ብለን ያዝን፣ ከካዛንቺስ መዝገቧ ተነስተን።

አንደኛው ቦታ በዚህ ሂሳብ ጠዋት 19 ሰው፣ ምሳ 16፣ ማታ 41 ይወጣዋል፣ የቀን ሽያጩ 9,670 ብር። በወር 26 ቀን ይሠራል ብንል 251 ሺህ ገደማ። 65 ሺህ ኪራይ የዚህ 26 በመቶ ነው። ሁለተኛው ቦታ ጠዋት 17፣ ምሳ 50፣ ማታ 13 ሰው፣ በቀን 12,590 ብር፣ በወር 327 ሺህ ገደማ። 32 ሺህ የዚህ 9.8 በመቶ ነው።

ኪራይ ከሽያጭ ስንት በመቶ መሆን አለበት ለሚለው በሬስቶራንት ሥራ ውስጥ የተለመደው መለኪያ ከ6 እስከ 10 ነው። ግን መለኪያውን ዝም ብሎ ከመቀበል የራሳችሁን መዝገብ ብታዩ ይሻላል። የሷን እንዳየሁት ከመቶ ብር ሽያጭ 50ው ለጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ሥጋ ይሄዳል፣ 16ቱ ለሠራተኛ፣ 10ሩ ለመብራት፣ ከሰል፣ ጋዝ፣ ውሃና ትራንስፖርት። 24 ብር ይቀራል። ከዚህ ላይ ነው ኪራይ፣ ግብር፣ የተበላሸ ምግብና የሷ ድካም የሚወጣው። ኪራይ 10 ከሆነ 14 ይተርፋል፣ ኪራይ 26 ከሆነ ገና ግብር ሳይነሳ ከኪስ 2 ብር ይጨመራል። ሥጋ ብዙ የምትሸጡ ከሆነ ግብዓቱ ከ50 ያልፋል፣ ስለዚህ 10 በመቶም ሊከብዳችሁ ይችላል። ቡናና ሻይ ላይ የቆመ ቤት ደግሞ ግብዓቱ አነስተኛ ስለሆነ ከ10 በላይም ይችላል።

ኪራዩን ገልብጦ ማየት

ለሷ ከሁሉም በላይ የገባት ይሄኛው ነው። የወሩን ኪራይ በሥራ ቀናት አካፍሉና በአስር አባዙ፣ በቀን መሸጥ ያለባችሁ ይወጣል። አንደኛው ቦታ፦ 65 ሺህ ለ26 ሲካፈል 2,500 ነው፣ በአስር 25 ሺህ ብር በቀን። በዛ ቦታ አንድ ሰው በአማካይ የሚከፍለው 127 ብር ስለሆነ ወደ 197 ሰው በየቀኑ መግባት አለበት ማለት ነው። 48 ካሬ ላይ ኪችን ሲወጣለት 28 ወንበር ነው የሚገባው። ወንበሩ ሁሉ በቀን ሰባት ጊዜ ሰው ሊቀመጥበት ነው፣ ምሳ ላይ ሰው በሌለበት ሰፈር። ይሄን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና "ካዛንቺስም በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ አልሞላልኝም" አለች፣ ቀብዱንም ሳትሰጥ ቀረች። ሁለተኛው ቦታ በዚሁ መንገድ የሚፈልገው 12,300 ብር ነው፣ ከግምታችን ትንሽ ያንሳል።

ግን አዲስ ቤት ከመጀመሪያው ቀን የጎረቤቱን ያህል አያስገባም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ግማሹን አስቡ እላለሁ ሁልጊዜ። ግማሽ ሲሆን ሁለተኛው ቦታ በወር 164 ሺህ አካባቢ ይሸጣል። እዚህ ጋ የሠራተኛ ደመወዝ አብሮ አይቀንስም፣ ወደ 52 ሺህ ነው፣ ደንበኛ መጣም ቀረም ይከፈላል። ግብዓቱ፣ ደመወዙ፣ መብራቱና ኪራዩ ሲነሳ በወር ወደ 19 ሺህ ኪሳራ ይመጣል። ለአራት ወር ወደ 76 ሺህ ነው፣ 100 ሺህ ብር ለዚህ ብቻ ተለይቶ ባንክ ተቀመጠ፣ ወንበር መግዣ እንዳይሆን በሷ ስም ሌላ ሂሳብ ከፍተን።

አንደኛው ቦታ በግማሽ ሽያጭ ቢሆን ኪሳራው በወር ወደ 67 ሺህ ነበር። አስቸጋሪው ነገር ይሄ ወዲያው አይታይም። ስድስት ወር ቅድሚያ ስለተከፈለ 390 ሺው ከወጣ በኋላ ሰው ኪራይ እንደማይከፍል ሆኖ ይሰማዋል፣ ግብዓትና ደመወዝ ተከፍሎ ትንሽ ካልጎደለ "እየሄደ ነው" ይላል፣ ስድስት ወሩ አልቆ ሌላ 390 ሺህ ሲጠየቅ ነው ቤቱ እንዳልሠራ የሚያውቀው። ቅድሚያ የከፈላችሁ ሰዎች መዝገባችሁ ላይ ኪራዩን በየወሩ እንደ ወጪ ጻፉት፣ ገንዘቡ ከኪስ ባይወጣም።

ውሉ

የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለመኖሪያ ቤት ብቻ ነው። ለንግድ ቤት አይሠራም። ስለዚህ ጭማሪውን የሚገድበው ውላችሁ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው፣ እዛ ላይ ካልተጻፈ ሥራው ሲደምቅ አከራይ እጥፍ ቢጠይቅ መልስ የላችሁም።

አንደኛው ቦታ ላይ የአከራዩ ተወካይ ኪራዩ 65 ሺህ ሆኖ ውሉ ላይ 30 ሺህ እንዲጻፍ ጠይቆ ነበር። ይሄ በየቦታው የተለመደ ስለሆነ ብዙ ተከራይ እሺ ይላል፣ ለአከራዩ ውለታ የሠራ ይመስለዋል። ግን የሚጎዳው ራሱ ነው፣ መዝገብ ላይ ወጪ ብሎ ማስያዝ የሚችለው 30 ሺውን ብቻ ነው፣ በቀረው 35 ሺህ ላይ እንዳተረፈ ተቆጥሮ ግብር ይከፍልበታል። ክርክር ቢነሳ ደግሞ የከፈለው ቅድሚያ በወረቀት የለም። ውሉ ላይ ያለው ቁጥርና የምትከፍሉት ቁጥር ካልተመሳሰለ በጭራሽ አትግቡ።

ሁለተኛውም ቦታ ባለቤቱ ውጭ ነው ያለው፣ ያናገሯቸው አጎቱን ነው። ጋሼ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ቢሆንም ውክልናውን እንይ አልን። ውክልና ቤቱን ማስተዳደር ይላል፣ ማከራየትና ኪራይ መቀበልም በግልጽ ተጽፎበታል፣ ጥሩ ነበር። አንዳንዱ ውክልና ካርታ ለማውጣት ወይ ጉዳይ ለማስፈጸም ብቻ የተሰጠ ነው፣ በሱ የተፈረመ የኪራይ ውል ባለቤቱ ሲመጣ ያጣላል።

ከጋሼ ጋር ድርድሩን የያዘችው እሷ ናት፣ ኪራዩን አላስቀነሰችም፣ እኔም እንድታስቀንስ አልመከርኳትም፣ ምክንያቱም 32ቱ በሂሳቡ ይሄድ ነበር። የጠየቀችው ጊዜ ነው። ለእድሳት አንድ ወር ያለ ኪራይ፣ ሁለት ዓመት ያለ ጭማሪ፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ ጭማሪው ከ15 በመቶ እንዳያልፍ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ጭማሪ ጠይቃ ነበር የጀመረችው፣ ጋሼ "ልጄ፣ ኑሮውን እያየሽው" ብለው አልተቀበሉም። 15 በመቶ ሲጨመር ኪራዩ 36,800 ይሆናል፣ የቀን ሽያጩ ወደ 14,150 መድረስ አለበት፣ ይሄን ከመፈረሟ በፊት ነው ያሰላነው።

ሌላው የጭስ ጉዳይ ነው። ከላይ ሰው ይኖራል፣ ሽንኩርት ሲቁላላ ሽታው በመስኮት ይገባል፣ የብሎኩ ኮሚቴ ምግብ ቤት ያስዘጋበትን ቦታ አውቃለሁ። የጭስ ማውጫው በየት በኩል እንደሚወጣ ከኮሚቴው ጋር ተስማምተው በወረቀት አደረጉት፣ ስምምነቱ ሳይገኝ ውሉ እንደማይጸና ተጻፈ። ቆጣሪው ደግሞ ሦስት ፌዝ አልነበረም፣ የእንጀራ ምጣድ ደርድሮ ለመጋገር አይችልም። ሦስት ፌዝ ማስገባት መጠበቅ ስለሚፈልግ እንጀራ ከውጭ ለመረከብ ወሰነች፣ ግብዓቱ ትንሽ ጨመረ።

ከተከፈተ በኋላ

ጥር ላይ ተከፈተ። በቀን 7,100 ብር፣ ኪራዩ 17 በመቶ ነበር፣ ከግማሹ ግምት ትንሽ ይሻላል። የካቲት ላይ እየወጣ ሳለ ሁዳዴ ገባ፣ የዛን ዓመት ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ ከሱ በቀናት ልዩነት ነው የጀመሩት፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሆኑ። ጾመኛው በየዓይነቱ ይበላል ብለን ነበር፣ ይበላል፣ ግን ብዙዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይቀምሱ ምሳ ሰዓቱ ተበተነ፣ ስድስት ሰዓት ላይ የተሠራው ወጥ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ይቆማል። መጋቢትን በቀን 7,900 አሳለፈችው፣ 15.6 በመቶ። ያ የተለየው 100 ሺህ ባይኖር ኖሮ ወይ ሠራተኛ ይቀነስ ነበር ወይ ብድር ይመጣ ነበር። ረቡዕ መቁጠራችን የጾሙን ሳህን ዋጋ አሳይቶናል፣ የጾሙን ሰዓት ግን ከአንድ ረቡዕ ማወቅ አይቻልም።

ከፋሲካ በኋላ ነው ቤቱ የቆመው። ግንቦት ላይ በቀን 13,200 ደረሰ፣ ኪራዩ 9.3 በመቶ። ግን ከግምቱ ጋር የተገናኘው ባላሰብነው መንገድ ነው። የምሳ ሰው ቁጥር ልክ ነበር፣ 52 ሰው፣ አማካይ ክፍያው ግን 190 ሳይሆን 155 ሆነ። 190 የካዛንቺስ ነው፣ እዛ ጥብስ የሚያዝ ጠረጴዛ ነበር፣ እዚህ ሽሮና በየዓይነቱ ነው የሚሄደው። ሰው ስትቆጥሩ እዛው ሰፈር ያለው ሰው ምን እንደሚያዝም ጎረቤት ቤት ገብታችሁ እየበላችሁ እዩ፣ የድሮ ቤታችሁን ሜኑ ይዛችሁ አትሂዱ። ጉድለቱን የሞላው ወደ ጤና ጣቢያውና ጋራዦቹ በዕቃ የሚላክ ምሳ ነው፣ በቀን 18 ገደማ። ይሄ ቆጠራው ላይ አልነበረም፣ እነዚህ ሰዎች በበሩ አያልፉም፣ ሥራቸውን ትተው መውጣት ስለማይችሉ ነው የሚያዙት። ስለዚህ እግረኛ ስትቆጥሩ በእግር የአምስት ደቂቃ ርቀት ውስጥ ሥራ ቦታው ላይ የሚውል ስንት ሰው እንዳለም ጠይቁ።

ማታው አልሠራም። 13 ሰው ይመጣል ያልነው ስድስት ሰባት ሆነ፣ ለሱ ሁለት ሠራተኛ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆማል። ሚያዝያ ላይ የማታውን ወንበር ትታ ፌስታል ይዞ ለሚያልፈው ሰው እንጀራና የተዘጋጀ ወጥ መሸጥ ጀመረች፣ አንድ ሠራተኛ ይበቃል፣ በአንድ ሰዓት ይዘጋል። ገቢው ትንሽ ነው፣ ወጪው ግን ወርዷል።

ያመለጠን ትልቁ ነገር ክረምቱ ነው። የቆጠርነው ኅዳር ላይ ነው፣ ደረቅ ወቅት፣ ትምህርት ቤት ክፍት። ሐምሌ ሲገባ መምህሩ የለም፣ ከወረዳው ጽህፈት ቤት እስከ በሯ ያለው ጠርዝ ደግሞ አስፋልት ስላልሆነ ጭቃ ሆነ፣ ሰው ወደ ማዶ ተሻግሮ መሄድ ጀመረ፣ ማዶ ላይ ሌላ ምግብ ቤት አለ። ወንድሟ ጠጠር አስደፍቶ ድንጋይ ሲደረድር ከፊሉ ተመለሰ። ነሐሴ ላይ ፍልሰታም ተጨምሮበት በቀን 10,400 ነበር፣ 11.8 በመቶ። ዳር ሰፈር ላይ ቦታ የምትቆጥሩ ሰዎች ዝናብ በጣለ ማግስት ሄዳችሁ መሬቱን እዩት፣ እግረኛ የት እንደሚረግጥ የሚወስነው እሱ ነው። የዓመቱን ግምት ስትሠሩም 12 ወር ሙሉ በግንቦት ቁጥር አታባዙ፣ የሷ የመጀመሪያ ዓመት የሚወጣው ደካማዎቹ ወራት ከነቁጥራቸው ሲገቡ ነው።

ሌላ ቦታ ላይ የሚሠራው

ኮዬ ፈጬም ሆነ አራብሳ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ዘዴውን ነው፣ መቶኛዎቹን አይደለም። ስምንት በመቶ የገባው ጤና ጣቢያና ወረዳ ስላለ ነው፣ እናንተ ጋ ሁለት ወይ አስራ አምስት ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤት በር ላይ ቆማችሁ ነው የምታገኙት። ጎረቤት ምግብ ቤት ከሌለ ግምቱ ባዶ ላይ ስለሚቆም ቅድሚያ ክፍያው ከሦስት ወር በላይ ከሆነ እኔ አልገባበትም።

ደግሞ ምሳችሁ በማን ላይ እንደቆመ እወቁ። የሷ ከአንድ ሦስተኛው በላይ የወረዳው ባለጉዳይና ሠራተኛ ነው። ጽህፈት ቤቱ ወደ ራሱ ሕንፃ ሊዛወር ነው የሚል ወሬ አለ፣ እውነት ከሆነ ምሳው ወደ 34 ሰው ይወርዳል፣ የቀን ሽያጩ ከ10,500 በታች፣ ኪራዩ ወደ 12 በመቶ። ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ለጋሼ የምታቀርበው ይሄን ሂሳብ ነው፣ 15 በመቶ የሚለው ጣሪያ እንጂ ግዴታ ስላልሆነ፣ ጽህፈት ቤቱ ከተነሳ ኪራዩ ባለበት እንዲቆይ ትጠይቃለች። ወንድሟ ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ አንድ ማክሰኞ ምሳ ላይ እየቆጠረ ነው፣ ደብተሩም ለድርድሩ ይቀርባል።